«ቆጥሬ ተረክቤያለሁ»

ባለፈው ዓርብ ማታ የእህቴ ልጅ ከገንዳ ውኃ ስልክ ደወለልኝ። ሥራ ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ሰኞ ጠዋት የጤና ጣቢያውን የመድኃኒት ግምጃ ቤት ተረከብ ተብሏል። «አክስቴ፣ የሚያስረክቡኝ ጋሼ ትልቅ ሰው ናቸው። ‹ሁሉም በካርዱ ላይ አለ፣ ፈርምልኝና የጎንደር መኪና ሳያመልጠኝ ልሂድ› አሉኝ። እንቁጠር ብላቸው ሌባ ያልኳቸው አይመስላቸውም?» አለኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት የራሴን ታሪክ ነገርኩት። ወጣት ነርስ ሳለሁ እዚያው መተማ ቆላ ተመድቤ ነበር። በዚያ ዘመን ለብቻው የተቀጠረ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ስላልነበረን መድኃኒቱን የሚይዘው ከእኛው አንዱ ነበር። ከእኔ በፊት የያዙት እንደ ታላቅ ወንድም የማያቸው ሰው ነበሩ። ቁልፉን ሰጡኝ፣ ወረቀቱን ዘረጉልኝ፣ «ቆጥሬ ተረክቤያለሁ» ከሚለው ሥር ፈረምኩ። አንዲት ቆርቆሮ እንኳ አላነሣሁም።

ከስድስት ወር በኋላ ሒሳብ መርማሪ መጣ። እያንዳንዳቸው 1000 ፍሬ የሚይዙት የክሎሮኪን ቆርቆሮዎች ከፊት ሙሉ ነበሩ፤ ከኋላ የተደረደሩት ሲነሡ ግን ባዶ ሆነው ተገኙ። ፊርማው የእኔ ነውና ጉድለቱ ከደመወዜ በየወሩ ተቆረጠ። ገንዘቡስ አለፈ። እኚያ ሰው ወስደውት ይሁን፣ ሌሊት ለመጣ ሕመምተኛ ያለ ወረቀት አውጥተው ረስተውት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሳላውቅ ግን ጠረጠርኳቸው፤ ሰላምታችንም ቀዘቀዘ።

«ስለዚህ ቆጠራው ለእሳቸውም መከታ ነው በላቸው» አልኩት። ያልተቆጠረ ግምጃ ቤት ጥለው ከሄዱ፣ አንተ ከዓመት በኋላ የምታጎድለው ሁሉ በእሳቸው ይሳበባል። ተቆጥሮ ከተፈረመ ግን የእሳቸው እዚያች ቀን ላይ ያበቃል፣ ያንተም ከዚያች ቀን ይጀምራል።

ከዚያም ቅደም ተከተሉን በወረቀት አስያዝኩት። መጀመሪያ ግምጃ ቤቱ መዘጋት አለበት። አንዱ እየቆጠረ ሌላው የሚያወጣ ከሆነ ቁጥሩ መቼም አይገጥምም። ሕመምተኛ ደግሞ ቆጠራ ያልቃል ብሎ አይጠብቅም። ስለዚህ ለሁለት ቀን የሚበቃ መድኃኒት አስቀድሞ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ ለማደያው ክፍል ይሰጣል። ቀጥሎም መጨረሻ የተሠራበት የሞዴል 19 ገቢ ደረሰኝና የሞዴል 22 ወጪ ደረሰኝ ተራ ቁጥር በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፋል፤ ያልተነኩት ጥራዞችም ይቆጠራሉ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ካልተጻፈ ግን ከቆጠራው በኋላ ሌላ ደረሰኝ በፊተኛው ቀን ተሞልቶ ቢመጣ መከራከሪያ አይኖርም።

ቆጠራው ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ አስረካቢ፣ ተረካቢና ከንብረት ክፍል የሚመጣ ታዛቢ። አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ደግሞ ይቆጥራል፣ ታዛቢው ይጽፋል። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር የሚነበበው ከተቆጠረ በኋላ ነው። አስቀድሞ ከተነበበ ዓይን የሰማውን ቁጥር ይፈልጋል። ካርቶን ሁሉ ከቦታው ይነሣል። የፋብሪካው ማሸጊያ ያልተነካው በውጭ በተጻፈው መጠን ሊቆጠር ይችላል፤ እንደገና በፕላስተር የተለጠፈው ግን ተከፍቶ በፍሬ ይቆጠራል።

ልጁ ግራ እንዳይገባው አንድ ጉዳይ ደግሞ በዝርዝር ነገርኩት። ከዚያ መከራ ዓመታት በኋላ፣ ኮአርተም የወባ መድኃኒት ሆኖ ሲመጣ፣ እኔው ታዛቢ ሆኜ የተቀመጥኩበት ርክክብ ነው። ጊዜው የሰሊጥ አጨዳ ነበር፤ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ በወባ እየተያዘ በር ላይ ይሰለፋል። የአዋቂው ኮአርተም ካርድ ከወጪ ቀሪ 412 ይላል። መጀመሪያ በምን እንደሚቆጠር ተስማማን። አንድ የአዋቂ ሕክምና 24 ፍሬ ነው፤ አንዱ በፍሬ ሌላው በሕክምና ቢቆጥሩ ሳይጠፋ የጠፋ ይመስላል። ካርዱ የተያዘው በሕክምና ነበር። 30 ሕክምና የሚይዙ 11 ሙሉ ካርቶኖች አገኘን፤ 330 ማለት ነው። ከተከፈተው ካርቶን 14 ተጨመረ፣ 344 ሆነ። ከካርዱ 68 ጎደለ።

አስረካቢው ልጅ ላቡ ወረደ። ሁለተኛ ቆጠርን፤ ያው 344። ከዚያ ወረቀት መፈለግ ጀመርን። በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተገኘች። መድኃኒት ያለቀበት ጎረቤት ጤና ጣቢያ ሁለት ካርቶን፣ ማለትም 60፣ በብድር ወስዶ ፈርሞባታል፤ ሞዴል 22 ግን አልተሠራም፣ ካርዱም ላይ አልተቀነሰም። ብጣሿን ብቻ አምነን አላለፍንም፤ ተበዳሪው መውሰዱን በደብዳቤ እንዲያረጋግጥ ተደረገ። ማዕዘን ላይ ካለ ካርቶን ውስጥ ደግሞ ጊዜያቸው ያለፈ 5 ሕክምናዎች ወጡ። አስረካቢው «ይሄማ የሚቃጠል ነው» ብሎ አልቆጠረውም ነበር። ጊዜው ያለፈበትም በኮሚቴ እስኪወገድ ድረስ ንብረት ነውና ለብቻው መዝግበን አስገባነው። 3 ቀረ። ለእሱ ወረቀትም ሆነ ምክንያት አልተገኘም።

ያኔ አንድ ሰው «ለሦስት ሕክምና ብለን ሰው አናስቸግር፣ ካርዱን አስተካክሉት» አለ። ያልተፈቀደው ይህ ነው። ካርድ አይሰረዝም፣ አይደለዝም። ከመጨረሻው መስመር ሥር ቀኑን፣ «በርክክብ ቆጠራ» የሚለውን ቃልና የተገኘውን ቁጥር ጽፈን ሁለቱም ፈረሙ። በቃለ ጉባኤው ላይ በካርዱ ያለው፣ በቆጠራ የተገኘው፣ ልዩነቱና ምክንያቱ በአንድ ረድፍ ተጻፈ፤ ለ3ቱ «ምክንያቱ ያልታወቀ ጉድለት» አልን። ምን ይደረግ የሚለውን የሚወስነው አመራሩ ነው፤ አስረካቢና ተረካቢ በመካከላቸው የሚጨርሱት ጉዳይ አይደለም። ተረካቢዋ የፈረመችው ለ344ቱና ለብቻ ለተመዘገቡት 5 ብቻ ነው። ባዶ የቀሩትን መስመሮች ሁሉ ሰረዝን፣ እያንዳንዱ ገጽ ተፈረመበት፤ አንድ አንድ ቅጂም አስረካቢው፣ ተረካቢዋና ንብረት ክፍሉ ያዙ። ቁልፉ የተሰጠው በመጨረሻ ነው፣ ትርፍ ቁልፉም ጭምር።

የእህቴ ልጅ ረቡዕ ማታ ደወለ። ጋሼ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር አሉ። በሁለተኛው ቀን ግን ከካርዱ 4 ካርቶን የበለጠ ጓንት ተገኘ። ልጁ «ይሄ ይቅር፣ ሌላ ቢጎድል ይሸፍንልናል» ብሎ ሊያልፈው ሲል፣ ካርቶኑን ያስነሡትና «ብልጫም ይጻፋል ልጄ» ያሉት እሳቸው ነበሩ። ገቢ ሳይደረግለት የቀረ ደረሰኝ መሆኑን ፈልገው ያገኙትም እሳቸው ናቸው።

«የጎንደር መኪናስ?» አልኩት።

«ሐሙስ ጠዋት ይሄዳሉ። ቅጂያቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው ሻንጣቸው ውስጥ ሲከቱ አይቻለሁ» አለኝ።