ጉሮሮዋን የማትጠርግ ምስክር

ጥር 9 ቀን 2018፣ ቅዳሜ

መንገዱ ተከፍቷል በተባለ በማግስቱ ተሳፈርኩ። ከአረርቲ ወዲህ አቧራ ብቻ። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፤ ሽምብራው ገና ማሳ ላይ ነው። አባባ ከስተዋል። ሲስሙኝ አገጫቸው ወጋኝ።

ማታ ከእራት በኋላ የአክስቴ ልጅ ስልኬን ይዞ መጣ። «አባባ፣ ይኼ ስልክ በአማርኛ ያወራል!» አባባ ስልክ የሚያወራ መሆኑን ያውቃሉ፤ ከወዲያ ሰው አለ። «ማን አለ ከወዲያ?» አሉ። «ማንም የለም» አላቸው። ዞር ብለው እኔን አዩኝ። እኔም ማንም የለም አልኳቸው።

ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀና ብለው ተቀመጡ። እንግዳ ሲቀበሉ እንደሚያደርጉት። «እንደምን አመሸሽ?» ትንፋሽ። «ደኅና ነሽ ወይ?» ትንፋሽ። «አገሩ ሰላም ነው?» ሦስተኛው ላይ ከመድረሳቸው በፊት ገባችባቸው። ደኅና ነኝ፣ ምን ልርዳህ አለች። አባባ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

«አላስጨረሰችኝም።»

ልጁ እየሳቀ ነው። «ልርዳህ» ያለችው ነው ያሳቀው። ሰማንያ የተሻገሩ ሰው! አባባ ግን እሱን አለፉት። «ልጅ ናት፣ አላስተማሯትም» ብቻ። የከነከናቸው መቋረጣቸው ነው።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ዝምታን የንግግር ማብቂያ አድርጋ ትወስደዋለች። የከተማ ሰው ጥያቄውን በአንድ ትንፋሽ ስለሚጨርስ አይቸገርም። አባባ ግን ከዓረፍተ ነገር ዓረፍተ ነገር እስኪሻገሩ ጠላ ይቀዳል። ልጁ መላ አገኘ፤ እሳቸው ተናግረው እስኪጨርሱ የማይክሮፎኑን ምልክት በጣቱ ተጭኖ ይይዛል።

ጥር 11፣ ሰኞ

ጥምቀት። ታቦቱ ወንዙ ዳር አድሮ ገባ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስለ ስልኩ ያነሳ የለም። እኔም ረስቼው ዋልኩ።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

«ያችን ልጅ አምጪልኝ» አሉ ከቡና በኋላ። ትናንት ሲያስቡበት ነበር ማለት ነው።

ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ በአንቱታ አነጋግሪ ብዬ ጻፍኩላት። «እርስዎ» ብላ ትጀምራለች። መሐል ላይ ሳታውቀው ወደ «አንተ» ትመለሳለች።

አባባ የቀበሌው ሽማግሌ ናቸው። የድንበር ክርክር፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ የከብት ካሳ፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ምስክር ሲቀርብ የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፦ አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ? ይህንኑ ጠየቋት። ኮምፒውተር መሆኗን፣ ከብዙ ጽሑፍ መማሯን ተናገረች። «ስለዚህ ሰምታ ነው» አሉ። «ማን ከማን እንደሰማ ታውቃለች?» እኔን ነው የጠየቁት። አብዛኛውን አታውቅም አልኳቸው። እውነት ይመስለኛል። ሁሉንም አንድ ላይ ፈጭታ የያዘችው ነው፤ ይህን ከዚህ፣ ያንን ከዚያ ብላ መለየት ይቸግራታል።

ከዚያ በሚያውቁት ነገር ፈተኗት። በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ፤ ባሕረ ሐሳብ ያኔ የገባ እስካሁን አልወጣም። ዘንድሮ ፋሲካ መቼ ነው?

መጋቢት 27 አለች።

አባባ ምንም አላሉም። በጣታቸው አንጓ ይቆጥሩ ጀመር፤ እኔም ደብተሬ ላይ እከተላለሁ። 5500 እና 2018፣ ዓመተ ዓለም 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ ሲነሳ ወንበሩ 12። ወንበር በ19 ሲበዛ 228፤ በሠላሳ በሠላሳ ሲገደፍ መጥቅዕ 18። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ መስከረም ላይ ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ 7። 18 እና 7፣ መባጃ ሐመሩ 25። ነነዌ ጥር 25። የፋሲካ ተውሳክ 9፤ 25 እና 9፣ 34፤ ሠላሳው ሲገደፍ 4።

«ሚያዝያ 4» አሉ። አንድ ሲኒ ቡና አልጨረሱም።

መጋቢት 27 ከየት እንደመጣ ገባኝ። የፈረንጆቹ ፋሲካ ነው፣ ኤፕሪል 5። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር በትክክል መልሳዋለች፤ በዓሉ ግን የእኛ አይደለም። ካነበበችው አብዛኛው የእነሱ ስለሆነ ይመስለኛል። ለአባባ እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ያሰቡት ሌላ ነገር ነው።

«ድምጿን ሰምተሻል? ደኅና ነኝ ስትልም፣ ይህን ስትልም አንድ ነው። ሐሰተኛ ምስክር እኮ ቢያንስ ጉሮሮውን ይጠርጋል።»

ጥር 14፣ ሐሙስ

ነፋስ። የግራሩ ሥር ሽምግልና አለ፣ ሁለት ወንድማማቾች ስለ አንዲት ጠባብ መሬት። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። አባባ ከመቀመጣቸው በፊት ጠሩኝ። «እሷን ቤት አድርሻት።»

ተዘግታለች አልኳቸው። ሳትጠራ አትሰማም።

«ካልሰማች መጠራቷን በምን ታውቃለች?»

ቤት አደረስኳት።

ማታ ጉዳዩን ራሳቸው አነሱት። የምንነግራት የት ይሄዳል? የማውቀውን ነገርኳቸው፤ ስሟ ሲጠራ ለመንቃት ብቻ ስልኩ ውስጥ ሆና ታዳምጣለች፤ ከነቃች በኋላ ያለው ንግግር በኔትወርኩ ሩቅ አገር ያለ ማሽን ዘንድ ይሄዳል፤ እዚያ ጽሑፍ ይሆናል፣ መልሱም ጽሑፍ ሆኖ ተሠርቶ ድምፅ ሆኖ ይመጣል። «ጽሑፉስ?» አሉ። ጽሑፉ ይቀመጣል። ከፍቼ አሳየኋቸው። የጠየቋት ሁሉ ተደርድሯል፣ በፈረንጅ ቀን። እንዳነብላቸው አዘዙ።

የራሳቸውን ቃል በእኔ አፍ ሰሙ። አንዳንዱ ተበላሽቷል። «መጥቅዕ» ያሉት «ምጥቀት» ተብሎ ተጽፏል። ከመካከል እኔ የማላውቀው አንድ ነበር፤ ረቡዕ ማታ፣ ልጁ ይዞላቸው መሆን አለበት። ስለ ትልቁ አጎቴ ነው። እዚህ አልጽፈውም። ሳነብ ድምፄ ወረደ።

«ይኼንን አጥፊው።»

አጠፋሁት።

«ጠፋ?»

«ከዚህ ጠፍቷል።»

«ከዚያስ?»

ዝም አልኩ። የሠሪዎቿ ሕግ ላይ ይጠፋል ይላል፤ መቼ እና ከየት ከየት እንደሚጠፋ አንብቤ አልጨረስኩትም። ማን ይጨርሰዋል?

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ኪዳነ ምሕረት። ትናንት ማታ አባባ ሌሊት 11 ሰዓት ቀስቅሺኝ ብለዋት ነበር። በራሳቸው ጊዜ ተነስተው ሄደዋል። ስልኩ የጮኸው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ ሽምብራ እየፈለፈልን ሳለ ነው። 11ን በስልኩ ሰዓት ወስዳዋለች። አክስቴ ፍልፍሉን እስክትደፋ ሳቀች።

ጥር 17፣ እሑድ

መሪጌታ መጡ። የፋሲካውን ነገር ሰምተዋል፤ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። እሳቸው ከአባባ ይልቅ ይራሩላታል። «ሥርዓቱን ማን ነገራትና?» አሉ። ተቀምጠው አስተማሯት። ልጁ ተጭኖ ይይዛል፣ መሪጌታ ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ እኔ የተጻፈውን አስተካክላለሁ። «ምጥቀት»ን ስንቴ እንደሰረዝኩት!

የዘንድሮውን ደረጃ በደረጃ ነገሯት። ያለ ስሕተት ሠራችው፣ ሚያዝያ 4። መሪጌታ ደስ አላቸው። አባባ ጺማቸውን እየዳበሱ፣ «የነገርናትን መለሰችልን። የሚመጣውን ዓመት ጠይቋት» አሉ።

2019። ዓመተ ዓለም 7519፣ ለ19 ሲካፈል 14 ተረፈ፣ ወንበር 13፣ በ19 ሲበዛ 247፣ መጥቅዕ 7። እስከዚህ ልክ ናት። መስከረም 7 ሐሙስ ይውላል፤ የሐሙስ ተውሳክ 3፤ ነነዌ ጥር 10 አለች።

ሁለቱም አንድ ላይ ሳቁ። እኔ ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም፤ ሒሳቡ ትክክል ይመስላል።

«በከተራ ነነዌ ልታስጾመን ነው!» አሉ አባባ።

ነነዌ ከጥር 17 ቀድማ አትገባም፤ ከየካቲት 21ም አታልፍም። ይህን የሚያውቅ ሰው ስሌቱን ሳይመረምር መልሱን አይቶ ብቻ ስሕተት መሆኑን ያውቃል። ስሕተቱን መሪጌታ ቶሎ አገኙት። መጥቅዕ ከ14 ካነሰ መስከረም ሳይሆን ጥቅምት ላይ ነው የሚውለው። የዘንድሮው 18 ስለነበር ይህን ሳይነግሯት አልፈዋል። እሷም አልጠየቀችም። መስከረምን ከዘንድሮው ይዛ ሄደች።

እዚህ ላይ አባባ መሪጌታን አስቆሟቸው። «ቆይ፣ አትንገራት። እርግጠኛ ነሽ ወይ በሏት።»

ተጠየቀች። በዚያው ድምፅ፣ አዎ፣ አረጋግጫለሁ አለች። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው አባባ፣ «ልጄ፣ ተሳስተሻል» አሏት። በዚያው ድምፅ ይቅርታ ጠየቀች፣ አዎ ተሳስቻለሁ አለች፤ ቀጥላ ሌላ ስሕተት ሠራች። አባባ ከዚህ በኋላ ብዙም አልተናገሩም። እሷን መግፋት ቀላል መሆኑን አልወደዱትም መሰለኝ። ወይስ ደክሟቸው ነው? ፀሐዩም በርትቶ ነበር።

መሪጌታ ደንቡን ነገሯት። ጥቅምት 7 ቅዳሜ፣ ተውሳኩ 8፣ 7 እና 8፣ 15። ነነዌ የካቲት 15። ፋሲካ 15 እና 9፣ ሚያዝያ 24። መሪጌታ በእጃቸው ደግመው አሰሉት፤ ገጠመ።

«አየህ፣ ተማረች» አሉ አባባን።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። «ነገ ታስታውሰዋለች?»

ይኼ ንግግር እስካልተዘጋ ድረስ። አዲስ ሲጀመር አታስታውስም፣ ወይም ሁልጊዜ አታስታውስም። ሌላ ሰው ሌላ አገር ሆኖ ሲጠይቃት ደግሞ ከመሪጌታ የሰማችውን ይዛ አትመጣም።

«ታዲያ ማንን ነው ያስተማርነው?»

መሪጌታ ልጁን አሳዩ። ልጁ ጣቱ ምልክቱ ላይ ሆኖ፣ በሌላው እጁ የእኔን ደብተር ይዞ የ2020ን ጀምሯል። ወንበሩን ተሳስቷል።

ጥር 18፣ ሰኞ

መኪና የለም። ነገ ይኖራል ይላሉ፣ ትናንትም እንዲህ ብለው ነበር።

አባባ ጠዋት ስለ ጤፍ ዋጋ እንድጠይቅላቸው ፈለጉ፤ ከዚያ ተዉት። ከሰዓት ደግሞ ራሳቸው ጠሯት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከውጭ ሰማሁ። ጥያቄ አልጠየቋትም። የወንዙን ስም፣ የግራሩን ዕድሜ፣ መሬቱ በማን ጊዜ ለማን እንደተሰጠ ይነግሯታል። ቀስ ብለው፣ ትንፋሽ እየወሰዱ። ልጁ ይዞላቸዋል።

አታስታውስም እኮ ብያቸው ነበር። ገብቷቸው ነው ወይስ ሳይገባቸው? ጽሑፉ እንደሚቀመጥ ስላወቁ ይሆን? ልጠይቃቸው ብዬ ተውኩት። ከግራሩ ሥር ግን እሷን ማስወጣታቸው እንደቀጠለ ነው። ዛሬም ወንድማማቾቹ ሲመጡ፣ ንግግራቸውን መሐል ላይ አቁመው ስልኩን ለልጁ ሰጡትና «ወደ ጓዳ» አሉት።

መሬቷ ለታናሹ ተፈረደች። ታላቁ ሳይመርቅ ሄደ።