በ57 እና በ74 መካከል

ዓርብ ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 57 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ነበር። ሰኞ ሐምሌ 22 ጠዋት የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ታወጀ፤ ባንኩም መግዣውን 74 ብር ከ73፣ መሸጫውን 76 ብር ከ23 ሳንቲም አደረገ። ያን ቀን ሁሉም ያወራው ስለ 74 ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነበር፦ 60 የት ሄደ? 65ስ? 70ስ? በባንኩ ሰሌዳ ላይ እነዚህ ዋጋዎች ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልታዩም። ዋጋው ደረጃ በደረጃ አልወጣም፤ ዘለለ።

ጥያቄው ትዝ ያለኝ ሰሞኑን በአንድ ጎረቤቴ ምክንያት ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ይኖራል። ቀን ስልክ ይጠግናል፤ ማታ በራሱ ስልክ ወርቅ ይነግዳል። የእናቱ እቁብ ሊደርሳቸው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበርና ብሩን እንዲሰጡት እያግባባቸው ነው። መከራከሪያው አጭር ነው፦ «እማዬ፣ ስቶፕ ሎስ አለ። ካሰብኩት በላይ አልከስርም።»

ችግሩ፣ ያኑ ሰሞን ራሱ ካሰበው በላይ ከስሯል። ዓርብ የያዘውን ግዢ ሳይዘጋ ተኛ። ሰኞ ሲነሳ ግዢው ተሸጧል፤ የተሸጠው ግን ስቶፑን ካስቀመጠበት ዋጋ በጣም ዝቅ ብሎ ነው። ስልኩን ይዞ ወደ እኔ መጣ። «እየው፣ ሰረቁኝ እኮ!»

መሰረቅ አለመሰረቁን ለማወቅ መጀመሪያ ስቶፕ ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን «በዚህ ዋጋ ሽጥልኝ» የሚል ውል ይመስለናል። አይደለም። ትዕዛዙ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው «ዋጋው እዚህ ከደረሰ ወይም ካለፈ ተነስ» ይላል። ሁለተኛው «ከተነሳህ በኋላ በተገኘው ዋጋ ጨርስ» ይላል። የጻፍነው ቁጥር የመቀስቀሻው ነው፤ የመሸጫው አይደለም። ዋጋው በእግሩ ሲሄድ ሁለቱ ቁጥሮች ስለሚቀራረቡ ልዩነቱን አናየውም። የሚታየን ሲዘል ነው።

በዶላሩ እናስላው። እንበል፣ ያኔ ባንክ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ትዕዛዝ ይቻል ነበር፣ ዶላሩም ይገኝ ነበር። አንድ አስመጪ 10,000 ዶላር ያስፈልገዋል። «ቢወደድም ከ60 በላይ እንዳያስከፍለኝ» ብሎ 60 ላይ የመግዣ ስቶፕ አስቀመጠ። በሐሳቡ የሚያወጣው 600,000 ብር ነው። ሰኞ ጠዋት ዋጋው 60ን ስላለፈ ትዕዛዙ ይነቃል፤ ከፊቱ ያለው የመጀመሪያ ዋጋ ግን 76 ብር ከ23 ነው። ሒሳቡ 762,300 ብር ይመጣል። ማንም አልሰረቀውም። 60 ላይ የሚሸጥለት ሰው ስላልነበረ ነው።

ለምን አልነበረም? የሰሌዳው ዋጋ ቢቆምም የሰዎች ሐሳብ አልቆመም። ከዚያ ሰኞ በፊት በትይዩ ገበያው ዶላር ከባንኩ ዋጋ እጅግ ርቆ ነበር። ሰሌዳው ሲፈታ ያ ሁሉ የተጠራቀመ ሐሳብ በአንድ ጠዋት ወጣ። በውጭ ምንዛሪና በወርቅ ገበያም ይኸው ነው። በእኛ አቆጣጠር ዓርብ ሌሊት 6 ወይም 7 ሰዓት ገደማ ይዘጋና እሁድ ሌሊት ይከፈታል። ቅዳሜና እሁድ ጦርነት ይጀመራል፣ ምርጫ ይካሄዳል፣ መግለጫ ይወጣል። ገበያው ሲከፈት የሚጀምረው ከዓርቡ ዋጋ ሳይሆን ከሰኞው ሐሳብ ነው።

ሌሊት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ የያዘውን ወለል በድንገት ለቀቀ። ሐሙስ ቀን፣ ገበያው ክፍት ነበር። ብዙ ሰው ስቶፑን ከ1.20 ጥቂት ዝቅ አድርጎ አስቀምጦ ስለነበር ሁሉም በአንድ ጊዜ ሻጭ ሆነ፤ ገዢ ጠፋ። በደቂቃዎች ውስጥ ዋጋው ከ1.00 በታች ወረደ። ካስያዙት ገንዘብ በላይ ባለዕዳ የሆኑ ነበሩ፤ የእንግሊዙ አልፓሪም በዚያው ሰሞን ከሰረ።

«ታዲያ ገበያውን ለምን አያቆሙትም?» አለኝ ጎረቤቴ። ያቆሙታል። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ እንደ ቤታችን ብሬከር ያለ ነገር አለው። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከትናንት መዝጊያው 7 በመቶ ሲወርድ ንግዱ ለ15 ደቂቃ ይቆማል፤ 13 በመቶ ላይ እንደገና፤ 20 በመቶ ከደረሰ ለዕለቱ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በኮሮና ድንጋጤ አራት ጊዜ ቆሟል። ብሬከሩ ሰው ትንፋሹን እንዲሰበስብ፣ ገዢም እንዲመጣ ጊዜ ይሰጣል። ዋጋው ግን ከቆመበት ይቀጥላል የሚል ዋስትና አይሰጥም። በእነዚያ 15 ደቂቃዎች ስቶፓችሁ ተኝቷል፤ መውጣት አትችሉም። ሲከፈት የተጠራቀመው ትዕዛዝ ሁሉ ተገጣጥሞ አዲስ ዋጋ ይወጣል፤ እሱም ከስቶፓችሁ በታች ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 2015 በአንድ ቀን ከአንድ ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ የነጠላ አክሲዮንና ፈንድ ማቆሚያዎች ነበሩ። ስቶፓቸው ጠዋት በርካሽ የሸጠባቸው ሰዎች፣ ከሰዓት በኋላ ብዙዎቹ ዋጋዎች ተመልሰው ሲወጡ አይተዋል። የኒውዮርክ ስቶክ ኤክስቼንጅ በቀጣዩ ዓመት የካቲት ላይ ስቶፕ ትዕዛዝ መቀበል አቆመ።

የቀን የዋጋ ገደብ የምርት ገበያ ነገር ነው፤ የእኛም የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ያውቀዋል። ዋጋው ከትናንቱ መዝጊያ ከተወሰነ መጠን በላይ አይርቅም። ለምሳሌ ገደቡ 5 በመቶ ቢሆንና የአንድ ምርት ትክክለኛ ዋጋ ከ10,000 ብር ወደ 8,500 ቢወርድ፣ በመጀመሪያው ቀን 9,500 ላይ ይቆማል። በዚያ ዋጋ ሻጭ ሞልቷል፤ ገዢ የለም። ነገ 9,025፣ ከነገ ወዲያ 8,574። ዝላዩ አልቀረም፤ በቀናት ተከፋፈለ። ባለምርቱም ዋጋው ሲወርድ እያየ መሸጥ አይችልም።

ወደ ስልኩ ተመለስን። መሰረቁን የምናጣራበት መንገድ አለ፦ የአንድ ደቂቃውን ቻርት ክፈት፣ ስቶፕህ ያለበትን ዋጋ ፈልግ። እዚያ ቦታ ላይ ሻማ ካለ፣ ማለትም ዋጋው በዚያ እያለፈ ተገበያይቶ ከነበረና አንተን ራቅ አድርገው ከሸጡህ፣ ጠይቅ። ባዶ ከሆነ ግን በዚያ ዋጋ ገዢ አልነበረም። የእሱ ባዶ ነበር። ለማረጋገጥ የሌላ ድርጅት ቻርት አየን፤ እዚያም ባዶ።

«ስቶፕ ሊሚትስ?» አለ። እሱ «ከዚህ ዋጋ በታች አትሽጥብኝ» ይላል፤ ይከበርልሃልም። ግን ዋጋው ከዘለለው ጭራሽ ሳይሸጥ ይቀርና ውድቀቱን አብረህ ትወርዳለህ።

የቀረው መጠን ነው። ወርቅ ላይ 0.10 ሎት ማለት 10 አውንስ ነው፤ ዋጋው አንድ ዶላር በወረደ ቁጥር 10 ዶላር ይሄዳል። ስቶፑን 10 ዶላር ርቀት ላይ ካስቀመጠ ያሰበው ኪሳራ 100 ነው። ሰኞ 40 ዶላር ዘሎ ቢከፈት 400 ይሆናል። አካውንቱ ውስጥ ያለው ግን 300 ነበር። 0.01 ሎት ቢሆን ኖሮ ያው ዝላይ 40 ዶላር ነበር የሚወስደው። መጠኑ የሚለካው ስቶፑ ባለበት ርቀት ሳይሆን ገበያው ሊዘል በሚችለው ርቀት ነው።

እናቱ ቡና እያፈሉ ሲሰሙን ቆይተው፣ «ታዲያ ያ ትዕዛዝ ምን ይጠቅማል?» አሉ። ዋጋው በእግሩ በሚሄድበት ቀን ይጠቅማል አልኳቸው፤ አብዛኛው ቀን ደግሞ እንደዚያ ነው። ትንሽ አሰቡና፣ «እቁቡስ በየትኛው ቀን ነው የሚገባው?» አሉ።

ልጃቸው አልመለሰም። እቁቡ ሲደርሳቸው ወደ ቤት ኪራይና ወደ እህቱ ትምህርት ቤት ሄደ። እሱ አሁንም ይነግዳል፤ በ0.01፣ ዓርብ ማታ ሁሉንም ዘግቶ።