«ምክር ተሰጥቷል» ብዬ የጻፍኩበት ካርድ

ውድ ወላጆች፣ ዛሬ የማጫውታችሁ በራሴ እጅ ስለተፈጠረ ስህተት እና ስለ ስህተቱ ለሥራ ቦታዬ ስለጻፍኩት መልስ ነው። የልጅቷ ወላጆች እንዳካፍላችሁ ፈቅደውልኛል። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ግን አላስገባሁም።

አንዲት እናት የ10 ወር ልጇን በትኩሳትና በጉንፋን ምክንያት አመጣችልኝ። ልጅቷ 8 ኪሎ ትመዝናለች። መረመርኳት፤ ከባድ ነገር አላገኘሁባትም። ማዘዣው ላይ «ፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ 5 ሚሊ ሊትር፣ በየ6 ሰዓቱ» ብዬ ጻፍኩና ሸኘኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ትኩሳቱ ወርዷል፤ ልጅቷ ግን ታስመልሳለች፣ ጡት አልይዝም ብላለች፣ ፈዛለች። እናትየው የሰጠቻትን መድኃኒት ሁሉ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረችው። ጠርሙሱን አንስቼ ሳነብ ደነገጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፓራሲታሞል ሽሮፕ በተለያየ ጥንካሬ ይመጣል። አንዱ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለው፤ ሌላው በዚያው 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ሚሊ ግራም አለው። እኔ ያሰብኩት የመጀመሪያውን ነበር። ለአንድ ኪሎ 15 ሚሊ ግራም ሲታሰብ ለ8 ኪሎ ልጅ በአንድ ጊዜ 120 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ልክ 5 ሚሊ ሊትር። ነገር ግን የትኛው ሽሮፕ እንደሆነ አልጻፍኩም። ከፋርማሲ የተሰጣት ባለ 250ው ነበር። ስለዚህ ልጅቷ በየ6 ሰዓቱ ከሚገባት ከእጥፍ በላይ ወሰደች፤ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ማለት ነው።

በዚህ ላይ ቤት ውስጥ ከቀድሞ የተረፈ በመቀመጫ የሚገባ የትኩሳት መድኃኒት ነበር፤ ባለ 125 ሚሊ ግራም። እናትየው ጠዋትና ማታ አንድ አንድ አድርጋላታለች። እሱም ፓራሲታሞል ነው። ሲደመር በቀን 1250 ሚሊ ግራም ሆነ፤ ለአንድ ኪሎ ወደ 156 ሚሊ ግራም። በሐኪም ትእዛዝ ለእሷ በቀን ከ480 ማለፍ አልነበረበትም። በትንሽ ልጅ ላይ በቀን ለአንድ ኪሎ ከ150 በላይ ለሁለት ቀን ከቀጠለ ጉበት ሊጎዳ ይችላል ብለን እንሰጋለን።

የደም ምርመራ ላይ የጉበት ምልክቷ ከፍ ብሎ ተገኘ። የደም መርጋት ምርመራው ግን ደህና ነበር። በዚያው ቀን ማርከሻው ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል ላክናት። ማርከሻው አሴቲልሲስቴይን ይባላል። በአራተኛው ቀን ድና ወጣች፤ በኋላ በተደረገው ምርመራም ጉበቷ ወደ ጤናማው ተመልሷል።

ከመላካቸው በፊት እናትየው «ዶክተር፣ እኔ ነኝ ያበዛሁባት?» አለችኝ። «አይደለም እህቴ። አንቺ የሰጠሻት እኔ የጻፍኩትን ነው። የጎደለው የእኔ ጽሑፍ ነው» አልኳት። ይህን በአፍ መናገር ቀላል ነበር። በወረቀት መጻፉ ግን ከበደኝ።

በሳምንቱ የማጣራት ኮሚቴው በጽሑፍ መልስ እንድሰጥ ጠየቀኝ። ምን እንዳደረግሁ፣ መቼ፣ ለምን፣ እና ልጅቷ ስትመለስ ምን እንደወሰንኩ። የመጀመሪያው ረቂቄ ሁለት ገጽ ነበር። የጀመረው «በዕለቱ ከ60 በላይ ታካሚ አይቻለሁ» በሚል ነው። ቀጥሎ ፋርማሲስቱ ደውሎ ሊጠይቀኝ ይገባ እንደነበር፣ ከዚያም እናትየው ሌላ መድኃኒት እንደምትሰጥ እንዳልነገረችኝ ይዘረዝራል። ማታ ቤት ደግሜ ሳነበው፣ እኔ ያደረግሁት ነገር የሚገኘው ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው። ቀደድኩት።

ሁለተኛውን በሰዓት ቅደም ተከተል ጻፍኩት። ከካርዱና ከማዘዣው ቅጂ ያገኘሁትን «ተጽፎ ይገኛል» አልኩ፤ ከአእምሮዬ ያለውን «አስታውሳለሁ» አልኩ፤ የሌለውን «አላስታውስም» አልኩ። ካርዱ ላይ አንዲት ፊደል አልነካሁም። ከነገሩ በኋላ ካርድ ማስተካከል ስህተትን ወደ ውሸት መለወጥ ነው።

ለምን የሚለው ጥያቄ ላይ ስደርስ ግን ካርዱ ራሱ ፈተነኝ። መጨረሻው ላይ በራሴ ጽሕፈት «ለእናት ምክር ተሰጥቷል» ይላል። ይህች ሦስት ቃል ልታድነኝ ትችል ነበር። እውነቱ ግን ያንን ቃል ለሁሉም ካርድ በልማድ እጽፈዋለሁ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ መለስኩ፦

«ካርዱ ላይ ምክር እንደተሰጠ ጽፌአለሁ። ስለ መጠኑና ቤት ውስጥ ስላለ ሌላ መድኃኒት መናገሬን አላስታውስም። ይህን ቃል በልማድ ስለምጽፈው እንደ ማስረጃ እንዳይወሰድልኝ እጠይቃለሁ። የሽሮፑን ጥንካሬ አልጻፍኩም። ቤት ውስጥ ምን እንደተሰጣት አልጠየቅሁም። በሚሊ ግራም ጽፌ ቢሆን ኖሮ መጠኑ ከጠርሙሱ ጋር ሊመሳከር ይችል ነበር።»

ስለ ፋርማሲስቱ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ የተሰጠው ሽሮፕ ባለ 250 እንደነበር ጠርሙሱን አይቻለሁ። ምን አስቦ እንደሰጠ እሱ ይጠየቅ እንጂ እኔ አላውቅም። የታካሚውን ብዛት ደግሞ አልደበቅሁትም፤ «የዕለቱ ሁኔታ» በሚል ርዕስ ስር በቁጥር አስቀመጥኩት። ኮሚቴው ሊያውቀው ይገባል። እንደ ምክንያት ግን አላቀረብኩትም፤ ጥንካሬውን ለመጻፍ የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነውና።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን የልጆች ማዘዣ ላይ ኪሎ፣ ሚሊ ግራም እና የሽሮፑ ጥንካሬ አብረው ካልተጻፉ መድኃኒት አይሰጥም። እኔም «ምክር ተሰጥቷል» የሚለውን ትቼ የተናገርኩትን ራሱን እጽፋለሁ። እኔ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ ይገባኝም ነበር።

ከእናንተ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። ሽሮፕ ስትቀበሉ ጠርሙሱ ላይ «በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም» እንደሚል አንብቡና ለልጃችሁ ኪሎ ልክ መሆኑን ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ያለፈው ጠርሙስና የዛሬው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። በቤት ማንኪያ ሳይሆን በመለኪያው ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ስጡ። ቤት ያለውን መድኃኒት ደግሞ በመቀመጫ የሚገባውንም ጨምሮ ይዛችሁ ኑና ሐኪሙ ፊት አስቀምጡ፤ እኔ ሳልጠይቃችሁ ብቀር እንኳ።

በስህተት ከበዛ ደግሞ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። ጉበት ሲጎዳ በመጀመሪያው ቀን ልጁ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ማርከሻው የበለጠ የሚረዳው ግን ቀድሞ ሲጀመር ነው። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ማንም ቢቆጣችሁ እውነተኛውን መጠን ተናገሩ።

ትንሽ ልጅ ላላቸው አካፍሉልኝ።