አብሽ ጠጥተው ቁርስ የዘለሉት ጎረቤቴ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የሰፈር ሰው «ሲስተር» ማለቱን አልተወም። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ የጎረቤቴ ልጅ እየሮጠች መጥታ «ሲስተር፣ እማዬ ነገር ተምታቶባታል፣ ይድረሱልን!» አለችኝ።

ስደርስ ጎረቤቴ ከለቅሶ ቤት ተመልሰው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ እኔንም በሟች እህታቸው ስም ጠሩኝ። ቤተሰቡ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ እየቀጠፈ ነበር። የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውን ስለማውቅ መለኪያውን አስመጣሁና ጣታቸውን ወጋሁ። 52 አለ። ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው፤ ከ54 በታች ሲሆን ደግሞ ሰውየው ራሱን እስከ መሳት ሊደርስ ይችላል።

መዋጥ ይችሉ ስለነበር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጬ አጠጣኋቸው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ትን ይለዋልና በጎን አስተኝቶ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ስለካቸው 78 ደርሷል። ዳቦ በሻይ አስበላናቸው።

ሲረጋጉ ጠየቅኳቸው። ለሦስት ሳምንት ያህል ማታ የዘፈዘፉትን አብሽ ጠዋት ጠዋት ይጠጣሉ፤ ሰው መክሯቸው ነው። የዚያን ዕለትም አብሹን ጠጡ፣ ግሊቤንክላሚዳቸውን ዋጡ፣ «አብሹ ሆዴን ሞላው» ብለው ቁርሱን ትተው ለቅሶ ሄዱ።

እኔ አብሹን ብቻ አልከስም። ግሊቤንክላሚድ ምግብ ተበላ አልተበላ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋል። አብሽ ደግሞ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣው ያ የሚያሙለጨልጭ ነገር የማይፈጭ አሰር ነው፤ ሆድ ውስጥ አብጦ የምግቡ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። በፍሬው ውስጥም ኢንሱሊን እንዲወጣ የሚያግዝ ንጥረ ነገር አለ። ሁለቱ ተደራርበው ምግቡ ሲጎድል ስኳሩ ወረደ። የክኒኑ ኃይል ቀኑን ሙሉ ስለሚቆይም 78 አላዘናጋኝም፤ ዳግም እንዳይወርድባቸው ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው።

ታዲያ አብሽ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፍሬ፣ ወደ 10 ግራም፣ ለቅሞና አጥቦ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ከድኖ ማሳደር ነው። ጠዋት ፍሬው አብጦ ይለሰልሳል። ብዙው ጉልበት ያለው በዚያ አሰር ስለሆነ ውኃውን ብቻ ጠጥቶ ፍሬውን የሚደፋ ሰው ጥቂቱን ነው የሚያገኘው። የዱቄቱን አብሽ መትተን በማር ወይም በስኳር የምንጠጣው ባህላዊ መጠጥማ ለስኳር ሕመምተኛ ሌላ ነገር ነው፤ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሳት። ደግሞም የሚያመጣው ለውጥ መጠነኛ ነው፤ ክኒን አይተካም። አብሹን ጀምረው ክኒናቸውን አቁመው ስኳራቸው 300 አልፎ የመጡ ሰዎችን በሥራ ዘመኔ ተቀብያለሁ።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለባቸው ኢንሱሊን የሚወጉና እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ክኒን የሚውጡ ናቸው፤ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋና ኩላሊታቸው የደከመ፣ መድኃኒቱ ከሰውነታቸው ቶሎ ስለማይወጣ። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች የሚወርደው ከስንት አንዴ ነው፤ ግን አብሹም ሜትፎርሚኑም ሆድ ይነፋሉ፣ ተቅማጥም ያመጣሉ፤ በትንሹ መጀመር ይሻላል። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስዱ የመድማት አደጋ ሊጨምርባቸው ስለሚችል ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይጀምሩ። ነፍሰ ጡር በበርበሬና በወጥ የሚገባውን ጥቂት አብሽ ብትበላ አያሳስብም፤ በማንኪያ እየለካች መጠጣቱ ግን ይቅርባት። ሽምብራ ወይም ኦቾሎኒ የሚያሳክከው፣ ፊቱን የሚያሳብጠው ሰውም አይንካው፤ አብሽ የእነሱ ዘመድ ነው። ሽንትና ላብ ጣፋጭ ሽታ ቢያመጡ ግን አትደንግጡ፣ ከአብሹ ነው።

ጎረቤቴ በማግስቱ የጠዋት ልኬታቸውን የመዘገቡበትን ደብተር ይዘው ሐኪማቸው ዘንድ ሄዱ። ከ190 ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ 130 ወርዶ ነበር። ሐኪሙ ያንን አይቶ ክኒኑን በግማሽ ቀነሰላቸው፤ አብሹን ከፈለጉ ከቁርስ ጋር እንጂ በቁርስ ፈንታ እንዳይወስዱ ነገራቸው። አሁን ለቅሶ ሲሄዱ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ሦስት ከረሜላ ይቋጥራሉ። አንዱን ባለፈው ሳምንት ለልጅ ልጄ ሰጥተውት ተቆጣኋቸው።