አምስት ሰከንድ

ቪዲዮውን የላከልኝ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። «የእናንተ ምግብ ቲክቶክን አጥለቀለቀው፣ ዱየት አድርጊው እንጂ» ብሎ ጽፎበታል። ከፈትኩት። ውጭ ሀገር የሚኖር አንድ ልጅ፣ በጥሩ አማርኛ፣ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ በለጥ ላለ ጊዜ ስለ እንሰት ያወራል። በ2022 የወጣውን ጥናት ያነሳል፤ ያኔ ቢቢሲም ዘግቦት ነበር። የአየር ንብረት በሚለዋወጥበት ዓለም እንሰት ወደፊት ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ሊመግብ ይችላል የሚለው ጥናት ነው። «እኛ የናቅነውን ዓለም አወቀው» ይላል። ከዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «አንዴ ትተክለዋለህ፣ ከዚያ ጓሮህ ውስጥ ዝም ብሎ የቆመ ምግብ ነው።»

ኮሜንቱን ታውቁታላችሁ። እሳት፣ ባንዲራ፣ «ኩራታችን»፣ «ከምባታ፣ ሀዲያ፣ ጉራጌ፣ ሲዳማ እዚህ ነን»። ዱየት ያደረጉትም ብዙ ናቸው። ግማሽ ስክሪን ላይ እሱ ያወራል፣ ግማሹ ላይ አንድ ሰው ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

እኔም ነቀነቅኩ፤ ምን ይደበቃል። ዱራሜ እቤታችን ጓሮ ገብቼ፣ እንሰቶቹን ከኋላዬ አድርጌ፣ ስልኩን አጥር ላይ አስደግፌ ቀረጽኩ። ጀርባዬ ያምራል፣ ደመናው ከተነሳማ ሀምበርቾ ተራራ ራሱ ይታያል። መልሼ ሳየው ግን አንድ ነገር ገባኝ። ዱየት የሰውየውን ቪዲዮ ሙሉውን ከአንተ ጎን ያጫውተዋል፤ የሚመራው የሱ ድምፅ ነው፣ ሐሳቡ የሱ ነው፣ የአንተ ድርሻ በአብዛኛው ፊት ነው። የሚዘፍን ወይም ምግብ የሚሠራ ሰው ጎን ሲሆን ደስ ይላል። ሐሳብ ላይ ግን አንገት ከመነቅነቅ የዘለለ ቦታ አይሰጥም።

እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ቡና እየቆላች ነበር። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አይታ፣ ማንከሽከሻውን ሳትለቅ እንዲህ አለች፦ «ለዚህ ሁሉ ሰው ማን ነው የሚፍቀው?»

ዱየቱን አጠፋሁትና ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ስክሪፕት አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ጥሩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር አደረግኩ፤ ልጁ ቪዲዮው ላይ ቀድሞ የተናገረውን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩ። «እንሰት ድርቅ ይችላል»፣ ተሰረዘ። «ስንቀልድበት ኖርን»፣ ተሰረዘ። ቀጥዬ ከኮሜንቶቹ በአንዱ የተባለውንም ሰረዝኩ። «እናቶቻችን ይመስገኑ» የሚለውን ሳጠፋ ትንሽ አመመኝ፣ ግን አርባ ሰው ጽፎታል። የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ የእናቴ ጥያቄ፣ ሌላው ችግኝ በመኪና ተጭኖ መሄድ ይችላል የሚል ያልጨረስኩት ሐሳብ። ዘጠኙ ስምምነት ነበር፣ እኔ ግን አስተያየት ብዬ ነው የጻፍኳቸው።

የቀሩትን ሁለቱን ለማያያዝ የማውቀውን መዘርዘር ነበረብኝ። እንሰት፣ በእኛ ቋንቋ ወሳ፣ በዱር ከኢትዮጵያ ውጭም ይበቅላል፤ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አለ። ተክሎ፣ አሳድጎ፣ ዋና ምግብ ያደረገው ግን እዚህ ያለ ሰው ነው። ለምን? ተክሉ ስለማይበቅል አይደለም፣ እየበቀለ ነው። የእኔ ግምት፣ ተክሉ ብቻውን ምግብ ስላልሆነ ነው። ጓሮ የቆመው እንሰት ብዙ ዓመት ይጠብቅሃል፣ እውነት ነው፤ የቆጮ መንገድ የሚጀምረው ግን ከተቆረጠ በኋላ ነው። እናቴ ሳንቃውን ግንድ ላይ አስደግፋ መሬት ትቀመጣለች። አንድ እግሯን አንስታ የግንዱን ልጣጭ በተረከዟ ሳንቃው ላይ ትይዘዋለች፣ በቀርከሃ መፋቂያ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ቃጫው በአንድ በኩል ይቀራል፣ ነጩ ሥጋ በሌላው። አምቾው ለብቻው ይከተከታል። ውሃው ተጨምቆ ሲዘቅጥ ቡላ ይሆናል። የቀረው በኮባ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይብላላል፣ በመሃል ይከፈታል፣ ይገላበጣል፣ ኮባው ይቀየራል። መቼ እንደደረሰ የሚነግራት ሽታው ነው። ይህን የጻፈላት የለም፤ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነው የተማረችው።

ሐሳቤ ይኸው ሆነ፦ ችግኝ ይጫናል፣ እናቴ አትጫንም። ልጁን የሚቃወም አይደለም፣ ጥናቱንም ውሸት አይልም። 100 ሚሊዮኑ ቁጥር ውስጥ ያልተቆጠረ ሰው አለ ነው የሚለው።

ለዚህ ስቲች ነው የሚሆነው። ስቲች ከሰውየው ቪዲዮ አጭር ቁራጭ ይቆርጥልሃል፣ እኔ የወሰድኩት አምስት ሰከንድ ነው፣ ከዚያ ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው። አምስት ሰከንድ በእኔ አነጋገር አሥር ቃል ገደማ ነው። ስለዚህ የትኛውን አምስት ሰከንድ እንደምትመርጥ አፍህን ሳትከፍት የሰጠኸው የመጀመሪያ አስተያየት ነው። የወሰድኩትን ገምታችኋል፦ «አንዴ ትተክለዋለህ፣ ከዚያ ጓሮህ ውስጥ ዝም ብሎ የቆመ ምግብ ነው።» ለእኔ ጥያቄ የተሠራች በር ነበረች። ገብቼ «ዝም ብሎ? እስኪ እናቴን ጠይቃት» ብዬ ጀመርኩ። ስለጠፍኩት። መብራት ሄደ። ማታ ሲመለስ ቪዲዮው ከዚያ በፊት ለጥፌው የማላውቀውን ያህል ሰው አይቶታል፣ ኮሜንቱም ልጁን ይሳደባል። «ሰነፍ»፣ «ማንኪያ ይዞ የተወለደ»።

ልጁም ጽፎ ነበር። ስድብ የለውም። «እህቴ፣ የሚቀጥለውንስ ዓረፍተ ነገር ለምን ተውሽው?»

መልሼ ከፈትኩት። የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር «ማዘጋጀቱ ግን የሴቶች ከባድ ሥራ ነው፣ እሱን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ» ነው። ሰምቼው ነበር። ስቆርጥ አውቅ ነበር፣ ቢያንስ ግማሽ አውቅ ነበር። ያቺን ብጨምር የእኔ «ዝም ብሎ?» ይሞታል፤ እሱ ያላለውን ብሎ ሲያፍር ለማየት ነበር የተመቻቸሁት። ስቲች ላይ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው፤ አዲስ ሐሳብ ያለ ለመምሰል የሌላውን ሐሳብ ማሳነስ። ምልክቱም ቀላል ነው። የሰውየውን ሙሉ ቪዲዮ ያየ ሰው የአንተን ስቲች ሲያይ «እሱ እኮ ይህን ብሏል» ካለ፣ አስተያየትህ የቆመው በመቀስ ላይ ነው።

የተለጠፈ ቪዲዮ ውስጥ ያለ ንግግር አይታረምም። ቪዲዮውን ማጥፋት ነበረብኝ፣ ከነቪውው። ሰዓት ያህል አመነታሁ፤ ይህን ስጽፍ ራሱ ያቺ ሰዓት ታሳፍረኛለች። አጠፋሁት።

ሁለተኛው ስክሪፕት ከሌላ አምስት ሰከንድ ነው የሚጀምረው፣ ያንን የተወውን ዓረፍተ ነገር ከሚናገርበት፦ «ማዘጋጀቱ ግን የሴቶች ከባድ ሥራ ነው፣ እሱን ሌላ ቀን...»። ወዲያው የእኔ ድምፅ ይገባል፦

«ያ ሌላ ቀን ዛሬ ይሁን። ዱራሜ ነኝ፣ ከኋላዬ ያለው የእናቴ ጓሮ ነው። እንሰት በዱር በሌላም የአፍሪካ ሀገር ይበቅላል፣ ተክሎ ቆጮ የሚበላው ግን እኛ ሀገር ነው። ለምን ይመስላችኋል? የእኔ ግምት፣ ችግኝ በመኪና ይጫናል፣ እናቴ ግን አትጫንም። መፋቁ፣ መጭመቁ፣ ጉድጓዱ፣ በሽታው ያለበትን ቢላ ለይቶ ማስቀመጡ፣ ይህን ሁሉ የምታውቀው እሷ ናት። 100 ሚሊዮን ሰው ይመገባል ካልን፣ ስንት ሴት ስንት ቀን ትፍቃለች የሚለውም አብሮ ይቆጠር። ካልተቆጠረ፣ ሱፐር ፉድ ያላችሁት ነገር የእናቴ ትከሻ ነው።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ በስልኬ ሰዓት ያዝኩለት፤ ከአርባ ሰከንድ ትንሽ ያልፋል። «የእኔ ግምት» የሚለውን ሁለት ጊዜ አውጥቼ ሁለት ጊዜ መለስኩት። ሲወጣ ዓረፍተ ነገሩ ይጠነክራል። ግን እንሰት ለምን ሌላ ሀገር ምግብ እንዳልሆነ የምለው የተረጋገጠ ሳይሆን ከእናቴ ሳንቃ ጎን ሆኜ ያየሁት ነው። ስለ ቢላው ያለው ግን እርግጥ ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ የታመመውን በቆረጠ ቢላ ወደ ጤነኛው ይተላለፋል፣ ሰፈራችን ውስጥ ጓሮ ባዶ አድርጎ ያውቃል። ዝም ብሎ የሚቆም ተክልማ አይደለም።

እናቴን አልቀረጽኳትም። ለምኛት ነበር። «እግሬን አንስቼ በተቀመጥኩበት? ለዓለም?» አለችኝና ሳቀች፣ በቃ። ስለዚህ በቪዲዮው ውስጥ የሚታየው ሳንቃው ብቻ ነው፣ ባዶውን፣ ግንዱ ላይ ተደግፎ።

ይኼኛው ከመጀመሪያው ያነሰ ሰው ነው ያየው፣ በጣም ያነሰ። ኮሜንቱ ግን ሌላ ዓይነት ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲዎች የመፋቂያ ማሽን እንደሠሩ ጻፈና ሌላዋ «መንደራችን ስንት ደርሷል?» ብላ መለሰችለት፤ እዚያው ስር ሰዎች የየራሳቸውን ቀበሌ ጻፉ። አንድ የሆሳዕና ልጅ አባቱ መትከልና ማዛወር እንጂ ሲፋቅ ድርሽ እንደማይል፣ እሱ ግን አንድ ቀን ሞክሮ እናቱ እንዳባረረችው ተናገረ። ውጭ ያለው ልጅም ገብቶ ቪዲዮውን ራሱ ገጽ ላይ አጋራው።

ከሦስት ቀን በኋላ አንዲት ልጅ የእኔን ስቲች ስቲች አደረገችው። አምስት ሰከንዷን በደንብ መርጣለች፣ ምንም አላጣመመችም፤ «ይህን ሁሉ የምታውቀው እሷ ናት» የምልበትን ነው የወሰደችው። ከዚያ ስክሪኑ ላይ መጣችና እንዲህ አለች፦ «እሺ እህቴ። አንቺስ ትፍቂያለሽ?»

አልፍቅም። እናቴ ትምህርቴን እንድማር ብላ አላስነካችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። መልስ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። የተባለውን ሁሉ ስሰርዝ እስካሁን ወረቀቱ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ቅዳሜ እናቴ አንድ እንሰት ትቆርጣለች፤ ከጎኗ እንድቀመጥ ጠይቄያታለሁ። ስልኩን እቤት ተይው ብላኛለች።