ፎቶ ላይ የሚሸፈን አለ፤ የሚሞላ ግን የለም

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም አስተላለፈ። በማግስቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። የፊልሙ መሠረት እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ድረስ መጥቶ የሠራውና ከዓመት ገደማ በፊት፣ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን የታየው ዘገባ ነው። ያን ማታ አዲስ አበባ ላይ የታየው ግን ሌላ ነገር ተጨምሮበት ነበር። በረሃብተኞቹ መሃል መሃል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የደስታ ብርጭቆና ሥጋ የሚጎርሱ ውሾች ገቡበት።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ከነዚያ ምስሎች የትኛው ሐሰት ነበር? አንዱም አልነበረም። ወሎ ውስጥ ሰው እንደ ቅጠል ረግፏል። የተራቡ ገበሬዎች መርሳንና ወልድያን አቋርጦ በሚያልፈው በአስመራው መንገድ ዳር ወጥተው መኪና እያስቆሙ ይለምኑ ነበር። ግብዣውም ተደግሷል፤ ውሾቹም በልተዋል። ግን ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ አልተቀረጹም። ስፌቱ ለዓይን አይታይም፤ ተመልካቹ ያየው ሕፃን ሲሞት ውሻ ሲጎርስ ነው። ሁለት እውነት ተሰፍቶ ሦስተኛ ነገር ወጣው።

«ታዲያ ምን ክፋት አለው? ረሃቡ ተደብቆ ነበር፤ ፊልሙ ገለጠው» የሚል ብዙ ነው። መልካም። ነገር ግን የገለጠውን ያህል የሸፈነውም አለ። ወሎ ላይ ገበሬውን የገደለው የዝናብ መጥፋት ብቻ አልነበረም። ጭሰኝነቱ፣ ከተራበ አገር ጭምር ወደ ከተማ የሚጫነው እህል፣ ሪፖርቱን እያወቀ መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፈው ባለሥልጣን ሁሉ ነበሩበት። ስፌቱ ይህን ሁሉ ወደ አንድ ሽማግሌና ወደ ውሾቻቸው አጠበበው። ከ10 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በከፍተኛ ወጪ ሲያከብር ያው ወሎ እንደገና ተርቦ ነበር። ያን ጊዜ ግብዣውንና ረሃቡን አንድ ላይ ሰፍቶ በአገሩ ቴሌቪዥን ያሳየ ሰው አልተገኘም። የኮረም ምስል በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ዓለምን ያነጋገረው በሞሐመድ አሚን ካሜራና በቢቢሲ በኩል ነው።

በ1967 ዓ.ም. ይህን ለማድረግ የፊልም መቁረጫ ክፍልና የመንግሥት ጣቢያ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ አንድ ጣትና አንድ ስልክ ይበቃል። ወልድያና መርሳ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ ሲያልፉ፣ ከዚያም በኋላ፣ ስንት ፎቶ እንደተዘዋወረ የዚህ ገጽ ተከታታይ ያውቃል። የተዘረፈ ጤና ጣቢያ፣ የፈረሰ ቤት፣ የተፈናቀለ ሰው። እያንዳንዱ ፎቶ አንድ ቀን ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ለካሳ፣ ለምርመራ፣ ለታሪክ። ስለዚህ «ምን መንካት ይቻላል?» የሚለው የፎቶ አንሺዎች የሙያ ጨዋታ አይደለም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ፎቶ አንሺው መርሳ ላይ የእርዳታ ስንዴ ሲታደል አነሳ እንበል። መሃል ላይ ኬሻ የምትቀበል እናት አለች። ጠርዝ ላይ ክላሽ ያነገተ ሰው ቆሟል። ከኋላ ሰላሳ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። ከፊት ደግሞ ፊቱ በግልጽ የሚታይ ሕፃን አለ። ቤቱ ገብቶ ፎቶውን ሲከፍት ሦስት ፈተና ይጠብቀዋል።

የመጀመሪያው ባለ ክላሹን ማጥፋት ነው። «ዓይን ይሰርቃል፤ ታሪኩ የእናቲቱ ነው» ይላል። ስልኩ ላይ ያለውን ማጥፊያ በጣቱ ሲያስኬድ ሰውዬው ይጠፋል፤ ቦታው በአጥርና በአፈር ይሞላል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ያ አጥር እዚያ አልነበረም። ደግሞ ባለ ክላሹ ማን ነው? ሰልፍ የሚያስከብር ሚሊሻ ሊሆን ይችላል፤ እህሉን የሚቆጣጠር ታጣቂም ሊሆን ይችላል። ከስድስት ወር በኋላ «እርዳታው በታጣቂ እጅ ነበር ወይስ አልነበረም?» የሚል ክርክር ቢነሳ የፎቶው ዋና ወሬ ያ ጠርዝ ላይ የቆመው ሰው ነው። ፎቶ አንሺው ፎቶው ወደፊት ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሚሆን አያውቅም። ስለማያውቅም «ይህ አያስፈልግም» ብሎ የመደምሰስ ሥልጣን የለውም።

ሶርያ ላይ የደረሰው ይህንኑ ይነግረናል። ናርሲሶ ኮንትሬራስ የተባለው ፎቶ አንሺ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የፑሊትዘር ሽልማት ካገኘው የአሶሺየትድ ፕሬስ ቡድን አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ተኩስ ሲሸሽ ያነሳው ተዋጊ ፎቶ ጥግ ላይ የባልደረባው ቪዲዮ ካሜራ ገብቶ ነበር። ክሎን በሚባለው መሣሪያ ከጎኑ ያለውን መሬት ቀድቶ ካሜራውን ሸፈነው። ተዋጊው እውነት ነው፤ ጦርነቱም እውነት ነው፤ የጠፋው ለዜናው ምንም የማይመስል ዕቃ ነው። ድርጅቱ ግን ጥር 2014 እ.ኤ.አ. ከእሱ ጋር መሥራቱን አቆመ። ያነሳቸውን ወደ 500 የሚጠጉ ፎቶዎች መርምሮ ሌላ የተነካ ባያገኝም ሁሉንም ለሕዝብ ከሚያቀርበው ማኅደር አወጣቸው። ቅጣቱ ከበደ የሚል ይኖራል። ግን ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንዱ ከተሞላ ሌላው አለመሞላቱን ለተመልካች ማረጋገጥ አይቻልም። ወሎ ላይም ቢሆን አንድ የተነካ ፎቶ ሲገኝ፣ ክዶ ለመኖር የሚፈልግ ወገን መቶ ያልተነኩትን በእሱ ሰበብ ይክዳል።

«እሺ አላጠፋውም፤ ጠርዙን እቆርጠዋለሁ» ቢልስ? መቁረጥ በዜና ፎቶ የተፈቀደ ነው፤ ምክንያቱም የሌለ ነገር አይፈጥርም። ሆኖም ንጹሕ አይደለም። ጥር 2020 እ.ኤ.አ. ዳቮስ ላይ አምስት ወጣት የአየር ንብረት ተሟጋቾች አብረው ተነሡ። ያው አሶሺየትድ ፕሬስ ያሰራጨው ፎቶ ላይ ጠርዝ ላይ የነበረችው ኡጋንዳዊቷ ቫኔሳ ናካቴ ተቆርጣ አራት ነጮች ብቻ ቀሩ። የተሰጠው ምክንያት ከኋላዋ ያለው ሕንፃ ዓይን ይሰርቃል የሚል ነበር። በኋላ ድርጅቱ ተጸጸተ። ስለዚህ መለኪያው ይህ ይሁን፦ የተቆረጠውን ነገር አንባቢ ቢያውቅ ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ መለወጥ ካለበት፣ አይቆረጥም። የመርሳው ባለ ክላሽ በዚህ መለኪያ ይቆያል።

ሁለተኛው ፈተና መጨመር ነው፤ ሰላሳውን ሰልፈኛ ስልሳ ማድረግ። ችግሩ እንዲሰማ፣ እርዳታ እንዲጨመር በቅን ልብ የሚያደርገው አለ። በ2006 እ.ኤ.አ. ለሮይተርስ ይሠራ የነበረ ፎቶ አንሺ የቤይሩትን የቦምብ ጭስ በክሎን አብዝቶ የተያዘው ጭሱ ራሱን ስለደገመ ነው፤ አንዱ ጥቅል ሳይለወጥ ከጎኑ እንደገና ታየ። ሮይተርስ ከእሱ ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ፤ ወደ 900 የሚደርሱ ፎቶዎቹንም ከሽያጭ አወጣ። ሰልፍም እንዲሁ ይጋለጣል። ያው የነጠላ እጥፋት፣ ያው የተቀደደ ጃንጥላ ሁለት ቦታ ይገኛል። ከሌላ ፎቶ የመጣ ሰው ከሆነ ጥላው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወድቃል፤ ወይም እግሩ ሥር ጥላ አይኖረውም።

ሦስተኛው የሕፃኑ ፊት ነው። ይህ ከሁለቱ ይለያል፤ ምክንያቱ ማሳመር ሳይሆን ሰውን ከጉዳት ማዳን ነው። የተደፈረች ሴት፣ ምስክርነት የሰጠ ገበሬ፣ ሕፃን ፊታቸው መሸፈን ያለበት ጊዜ አለ። ጥያቄው እንዴት ይሸፈን የሚል ነው። የፊት ቦታ በሌላ ፊት ወይም በሌላ ነገር ከተሞላ ተመልካቹ ተታልሏል። በግልጽ ከተሸፈነ ግን አልተታለለም፤ ቀዳዳው ይታየዋል፤ «እዚህ የተደበቀ አለ» ብሎ ያውቃል። ሐቀኛ ሽፋን ማለት ሽፋን መሆኑን የሚናገር ነው።

ደግሞም በትክክል መሸፈን አለበት። ቀለል ያለ ማደብዘዝ አንዳንዴ ተመልሶ ይገመታል፤ የስልክ ማርከር ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያሳያል። የሚያስተማምነው ድፍን ጥቁር ነው። ሀብሩን በመሰለ ሁሉም በሚተዋወቅበት ወረዳ ፊት መሸፈን ብቻውን አይበቃም። ጎረቤት ሴትን በቀሚሷ፣ በቤቷ በር፣ በእጇ አምባር ያውቃታል። ስልኩ ቦታ መመዝገቢያው ከበራ ፋይሉ ውስጥ የግቢዋ መገኛ ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ከማደብዘዝ የሚሻለው ከመጀመሪያው ከጀርባ ወይም እጅን ብቻ ማንሳት ነው፤ ያኔ የሚጠፋም የሚሞላም የለም።

የመጨረሻው ነገር ማሳወቁ ነው። የሚነካው ብርሃን ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ጨለም ያለውን ማፍካት ወይም የካሜራው ሴንሰር ላይ ያረፈ የአቧራ ነጥብ ማንሳት፣ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም። ፊት ከተሸፈነ ግን «ለደኅንነቷ ሲባል ፊቷ ተሸፍኗል» ተብሎ ይጻፍ። የሁለት ቀን ምስል ከተጋጠመም መሃሉ ላይ መስመር ይታይ፤ በየበኩሉ ቦታና ቀን ይቀመጥ። ጽሑፉ የሚቀመጠው ከፎቶው ሥር ብቻ ሳይሆን ፎቶው ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ፎቶ አምስት ገጽ ሲዞር ሥሩ የነበረው ጽሑፍ ሁለተኛው ላይ ወድቆ ይቀራል።

ማሳወቅ ግን ለማጥፋት ፈቃድ አይሰጥም። «ባለ ክላሹን አጥፍቻለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ሐቁን ተናግሯል፤ ፎቶው ግን ከዚያ በኋላ የዜና ፎቶ አይደለም፤ ሥዕል ነው፤ እንደ ሥዕል ይቅረብ።

ዋናው ፋይል ደግሞ ይቀመጥ፤ ከፊቱና ከኋላው የተነሱት ፎቶዎችም አብረው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ያሳንሳል፤ የተነሳበትን ቀንና ሰዓትም አብሮ ያወልቃል። ለማስረጃ የሚላክ ከሆነ በ«ፋይል» ይላክ፤ የሰው መደበቂያ ያለበት ከሆነ ግን በፋይል አይላክ። ፎቶው ተነክቷል የሚል ጥርጣሬ ሲመጣ ከሁሉ በላይ የሚያወጣው ምስክር እነዚያው ተከታታይ ፎቶዎች ናቸው። በአራት ፎቶ ላይ የቆመ ባለ ክላሽ በአምስተኛው ላይ ብቻ ሊጠፋ አይችልም።