አንድ ሚዛን ለሁሉም ሰውነት ይሆናልን?

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የሐይቅና የአምባሰል ጎረቤቶቼ የክብደት ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ሰሞኑን ሁለት እናቶች ስለ አንድ ቁጥር ጠየቁኝ። ቁጥሩ የሚገኘው ክብደትን በኪሎ ለቁመት በሜትር፣ እንደገናም ለቁመት በማካፈል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ18.5 በታች የሆነውን ቀጭን፣ ከ25 ጀምሮ ያለውን ከመጠን ያለፈ ይለዋል።

የመጀመሪያዋ እናት ልጅ 1 ሜትር ከ70 ቁመትና 52 ኪሎ አለው፤ ቁጥሩ 18 ነው። «ከስቷል» ተብሎ እናቱ ተጨንቃለች። ልጁን ጠፍጣፋ ወንበር ላይ፣ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፌ አስቀመጥሁና ከመቀመጫው እስከ አናቱ ለካሁት፤ 83 ሴንቲ ሜትር። ያን ያህል ቁመት ያለው፣ እግሩ አጠር ያለ ሰው 88 ሊሆን ይችላል። ጉበት፣ ሳንባና አንጀት ያሉት በግንዱ ውስጥ ስለሆነ ክብደት የሚይዘው ግንድ ነው፤ ረጅም እግር ቁመት ይጨምራል እንጂ ብዙ አይመዝንም። ስለዚህ በስብ እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች በሁለት ነጥብ ከዚያም በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ይህ ግን መዘናጊያ አይደለም። ቀበቶው ላልቷል ወይ? ያስለዋል ወይ? ብዬ ጠየቅሁ። ክብደቱ ለሁለት ዓመት ያው ነው። እየቀነሰ ቢሆን ኖሮ እግሩ ረጅም ነው ብዬ አልተወውም ነበር።

የሁለተኛዋ ልጅ ለንደን ናት፤ 1 ሜትር ከ62፣ 64 ኪሎ። ቁጥሯ 24 ስለሆነ እዚህ ደህና ነሽ ትባላለች፤ እዚያ ግን «ክብደትሽ በዝቷል» አሏት። እናትየው «ልጄን አጥንት ሊያደርጓት ነው?» ብላ ተቆጣች። ነገሩ የመልክ ሳይሆን የስኳር በሽታ ነው። ዘራቸው ከእስያ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ ወይም ከጥቁር አፍሪካ ለሆነ ሰዎች የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በ2022 እ.ኤ.አ. ወሰኑን 23 አድርጎታል፤ ስኳር ከአውሮፓውያን ባነሰ ክብደት ስለሚይዛቸው። በተለይ በሆድ ዕቃና በጉበት ዙሪያ የሚከማች ስብ ኢንሱሊን ሥራውን እንዳይሠራ ያውካል።

ሆኖም «ጥቁር አፍሪካዊ» የሚለው ስም እጅግ ብዙ ዓይነት ሰውነት ይይዛል። ስለዚህ ወገብንም መለካት ይበጃል። ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ሜትሩን አዙሩ፤ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ፣ ሳታጠብቁ አንብቡ። ከቁመት ግማሽ ማነስ አለበት፤ ለዚች ልጅ ከ81 ሴንቲ ሜትር። ለክታ 86 ብላ በስልክ ነገረችን። ምግብ ሳትቀምስ በጠዋት ስኳሯን እንድትመረመር መከርኋት።

ይህ ሁሉ ለአዋቂ ነው። ሕፃናት በዕድሜያቸው የዕድገት ሠንጠረዥ ይታያሉ፤ ነፍሰ ጡርም በዚህ አትለካም።